የዳቦ ቤቷ ሁለት ትርፎች፦ ለተማሪዎቼ የተጻፈ ደብዳቤ

ለመግቢያ ኢኮኖሚክስ ተማሪዎቼ፣

የአጋማሽ ፈተናችሁን አርሜ ጨርሻለሁ። ብዙዎቻችሁ ውጤት ያጣችሁት ሦስተኛው ጥያቄ፣ የዳቦ ቤቷ ጉዳይ ላይ ነው። መደመርና መቀነሱ ላይ ችግር የለባችሁም፤ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ የቁጥር ስህተት ያየሁት እምብዛም ነው። የጠየቅኋችሁ «ሥራው ለሴትዮዋ ያዋጣታል ወይ?» ብዬ ሆኖ ሳለ እናንተ የመለሳችሁት ግብር ሰብሳቢው ቢጠይቃችሁ የምትሰጡትን መልስ ነው። ትርፍ የሚለውን ቃል አካውንታንቱም ኢኮኖሚስቱም ስለሚጠቀሙበት የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር መስሏችኋል። ክፍል ውስጥ በቃል ከማልፈው ይልቅ ወረቀታችሁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ እንድታነቡት በጽሑፍ ላስረዳችሁ።

ጥያቄውን ላስታውሳችሁ። አንዲት ሴት በአንድ ድርጅት ውስጥ በወር 25,000 ብር እየተከፈላት በሒሳብ ሠራተኝነት ትሠራ ነበር። ከወላጆቿ የወረሰችው፣ መንገድ ዳር ያለ ቤት አላት፤ ምድር ቤቱን በወር 30,000 ብር የሚከራዩ ሰዎች አሉ። ሥራዋን ለቃ እዚያው ቤት ውስጥ ዳቦ ቤት ከፈተች። ከቁጠባዋ 1,200,000 ብር አወጣች፦ 700,000 ለመጋገሪያ ምድጃና ለማቡኪያ ማሽን፣ 300,000 ለሴራሚክ፣ ለኤሌክትሪክ መስመርና ለቤቱ እድሳት፣ የቀረውን 200,000 ደግሞ ለዱቄት መግዣና ለዕለት መንቀሳቀሻ። በተጨማሪ 500,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ ከባንክ ተበደረች።

በመጀመሪያው ዓመት የ4,200,000 ብር ዳቦ ሸጠች። ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨውና ዘይት 2,580,000፤ የሠራተኞች ደመወዝ 480,000፤ መብራት፣ ውኃ፣ መጓጓዣና ፌስታል 260,000፤ የባንክ ወለድ 90,000፤ የምድጃው፣ የማሽኑና የእድሳቱ የእርጅና ተቀናሽ 170,000 ብር ሆነ። ወጪው ሲደመር 3,580,000 ነው። ግብርን ለቀላልነት ወደ ጎን ትተነዋል። ጥያቄው ሁለት ክፍል ነበረው፦ ዳቦ ቤቱን መክፈቷ አዋጥቷታል ወይ? ከእንግዲህስ ትቀጥል ወይስ ትዝጋ?

የመዝገቡ ትርፍ

አብዛኞቻችሁ 4,200,000 ላይ 3,580,000 ቀንሳችሁ 620,000 ብር አገኛችሁና «አትራፊ ናት፣ ትቀጥል» ብላችሁ ፈተናውን ዘጋችሁ። 620,000 ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ የሒሳብ መዝገብ ትርፍ የሚባለው እሱ ነው። የሚነግረን ባለፈው ዓመት ወደ ዳቦ ቤቱ ከገባው ገቢ ላይ የተመዘገበው ወጪ ሲነሳ ምን እንደተረፈ ነው። ሴትዮዋ በዚያው ዓመት ሌላ ምን ማግኘት ትችል እንደነበር ግን አይነግረንም።

መዝገቡ ይህን የማይነግረን አካውንታንቱ ስላልገባው አይደለም። የመዝገብ ሥራ ማስረጃ ይፈልጋል። ዱቄት ሲገዛ ደረሰኝ አለ፤ ደመወዝ ሲከፈል ፊርማ አለ፤ ወለድ ሲቆረጥ የባንክ መግለጫ አለ። ሴትዮዋ ያልተቀበለችው ደመወዝና ያልሰበሰበችው ኪራይ ግን ደረሰኝ የላቸውም። እነዚህ ይቀነሱ ቢባል እያንዳንዱ ነጋዴ «እኔ ሌላ ቦታ ብሠራ ይህን ያህል አገኝ ነበር» እያለ የፈለገውን ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ የአንዱን መዝገብ ከሌላው ማነጻጸር፣ ግብርም መወሰን አይቻልም ነበር። ስለዚህ መዝገቡ የሚዘለው አውቆ ነው፤ የተሠራበት ዓላማ ያንን ይጠይቃል።

ከእናንተ አንዳንዶቹ እዚህ ላይ ሌላ መንገድ ሞከራችሁ። ሴትዮዋ ለቤት ወጪ በየወሩ ከካዝናው 15,000 ብር ታነሳ እንደነበር ጥያቄው ውስጥ ጠቅሼ ነበርና እሱን እንደ ደመወዟ ቆጥራችሁ ቀነሳችሁት። ይህ በመዝገብም በኢኮኖሚክስም አያስኬድም። የግል ነጋዴ ከካዝናው የሚያነሳው ገንዘብ ከራሱ ትርፍ ላይ የሚወስደው ስለሆነ በመዝገብ ወጪ አይባልም። ለኢኮኖሚስቱም ቢሆን ቁም ነገሩ ያነሳችው ሳይሆን የተወችው ነው። ከካዝናው 5,000 ብታነሳም 40,000 ብታነሳም ትታው የመጣችው ደመወዝ 25,000 እንደሆነ ይቀራል።

ደረሰኝ የሌለው ወጪ

ኢኮኖሚያዊ ትርፍ ለማግኘት ከመዝገቡ ትርፍ ላይ ሴትዮዋ የራሷን ሀብት ዳቦ ቤቱ ውስጥ በማዋሏ የቀረባትን ገቢ እንቀንሳለን። ይህን ስውር ወጪ እንለዋለን። ገንዘቡ ከኪሷ አልወጣም፤ ወደ ኪሷ ሳይገባ ቀረ እንጂ። ውጤቱ ያው ነው።

ወደ ዳቦ ቤቱ የገቡት የራሷ ሀብቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ጊዜዋና ሙያዋ ነው፤ በወር 25,000፣ በዓመት 300,000 ብር ቀርቶባታል። ሁለተኛው ቤቷ ነው፤ በወር 30,000፣ በዓመት 360,000 ብር ኪራይ ትታለች። ሦስተኛው ቁጠባዋ ነው። ጥያቄው ውስጥ 7 በመቶ የሰጠኋችሁ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ካደረገ ወዲህ የተለመደ ቁጥር ስለሆነ ነው። የ1,200,000 ብር 7 በመቶ 84,000 ብር ይሆናል። ሦስቱ ሲደመሩ 744,000 ብር ናቸው።

ከ620,000 ላይ 744,000 ሲቀነስ 124,000 ብር ይጎድላል። ይህ ማለት ካዝናው ባዶ ነው ወይም ዕዳ ውስጥ ገብታለች ማለት አይደለም። ቤቷን አከራይታ፣ ቁጠባዋን ባንክ ትታ፣ ሥራዋ ላይ ብትቆይ ኖሮ በዓመቱ መጨረሻ 124,000 ብር የተሻለ ይኖራት ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል መልስ ይኸው ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ከሄድን መክፈቷ አላዋጣትም።

ወደ ስውር ወጪው የደረሳችሁትም ቢሆን አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ የመቁጠር ስህተት ሠርታችኋል። ጥቂቶቻችሁ ወለዱን በ1,700,000 ብር ላይ አሰላችሁት፤ የራሷን 1,200,000 ከብድሩ 500,000 ጋር ደምራችሁ ማለት ነው። የብድሩ ዋጋ 90,000 ብር ሆኖ መዝገቡ ውስጥ አንዴ ተቀንሷል። ያ ገንዘብ የእሷ ስላልነበረ በቁጠባ ልታስቀምጠውም አትችልም ነበር። ሌሎቻችሁ ደግሞ ኪራዩን ከቀነሳችሁ በኋላ «ቤቱን ብትሸጠው ኖሮ ገንዘቡ ይወልድ ነበር» ብላችሁ በቤቱ ዋጋ ላይ እንደገና ወለድ ጨመራችሁ። ቤቱን በአንድ ጊዜ አከራይቶም ሽጦም አይሆንም። ለእያንዳንዱ ሀብት የሚቆጠረው ከቀሩት አማራጮች ሁሉ የተሻለው አንዱ ብቻ ነው። አንድ ተማሪም ሴትዮዋ በትርፍ ጊዜዋ የሌሎች ነጋዴዎችን መዝገብ ብትይዝ፣ ልብስ ብትነግድ፣ ብታስጠና እያለ ሁሉንም ደምሮታል። በአንድ ቀን ውስጥ አራት ሰው መሆን ስለማትችል የሚቆጠረው 25,000ው ነው።

ንግድ ፈቃዱ ሲቀየር ትርፉ ይቀየራል?

ሁለቱ ትርፎች ምን ያህል የተለያዩ እንደሆኑ ለማየት አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ሴትዮዋ በግል ነጋዴነት ከመመዝገብ ይልቅ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በሚፈቅደው መሠረት ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋመች እንበል። አሁን ማኅበሩና እሷ በሕግ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ቀጥሯት በወር 25,000 ብር ይከፍላታል፤ ከእሷም ቤቱን በ30,000 ብር ይከራያል። ለሁለቱም ውልና ደረሰኝ አለ፤ ስለዚህ 660,000 ብር በመዝገቡ ላይ ወጪ ይሆናል።

ያው ዳቦ፣ ያው ምድጃ፣ ያው ደንበኛ፣ ያው ሴትዮ ሆኖ የመዝገቡ ውጤት ከ620,000 ብር ትርፍ ወደ 40,000 ብር ኪሳራ ተገለበጠ። ኢኮኖሚያዊው ውጤት ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ከ40,000 ኪሳራ ላይ የቁጠባዋን 84,000 ስትጨምሩበት ያው የ124,000 ጉድለት ይመጣል። ደመወዙና ኪራዩ ከስውር ወደ ግልጽ ወጪ ተዛወሩ እንጂ አዲስ የተፈጠረ ወጪ የለም።

የሁለት ዳቦ ቤቶችን መዝገብ አስቀምጦ «ይህኛው የበለጠ ያተርፋል» ለማለት የማትቸኩሉትም ለዚህ ነው። አንዱ ባለቤት በራሱ ቤት ያለ ደመወዝ የሚሠራ፣ ሌላው ቤት ተከራይቶ ሥራ አስኪያጅ ቀጥሮ የሚያሠራ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ትርፍ ውስጥ የባለቤቱ ድካምና የቤቱ ኪራይ ተደባልቀው ተቀምጠዋል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ ከነጋዴ ትርፍ ውስጥ የካፒታሉን ወለድ ለይቶ ያወጣው፣ የሚቀረውንም ለሥራ መምራት የሚገኝ ገቢ አድርጎ የተመለከተው እንዲህ ያለውን ድብልቅ ለመነጣጠል ነው።

ትቀጥል ወይስ ትዝጋ?

አሁን ጎበዞቹ ወደ ወደቁበት ቦታ እንምጣ። የ124,000 ብሩን ጉድለት በትክክል ያገኛችሁት ተማሪዎች ሁላችሁም ማለት ይቻላል «እንግዲያው ትዝጋ» ብላችኋል። የጠየቅኋችሁ ግን ሁለት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሁለት ነው። መክፈት የነበረባት መሆን አለመሆኑ የሚመዘነው ገንዘቡ ሁሉ በእጇ ላይ በነበረበት ቀን ነው። መዝጋት አለመዝጋቷ የሚመዘነው ግን ዛሬ፣ ዛሬ ልታስመልሰው በምትችለው ሀብት ነው።

ከ1,200,000 ብሩ ውስጥ ዛሬ ምን ይመለሳል? ለእድሳቱ የወጣው 300,000 አይመለስም። ሴራሚኩ ተነቅሎ አይሸጥ፣ ተከራዩም በእሱ ምክንያት ተጨማሪ አይከፍልም፤ የ30,000 ብሩ ኪራይ እድሳቱን ጨምሮ የተሰጠ ግምት መሆኑን ጥያቄው ይናገራል። ብትቀጥልም ብትዘጋም ያ ገንዘብ ሄዷል፤ ስለዚህ በዛሬው ውሳኔ ውስጥ ቦታ የለውም። በየዓመቱ ለእድሳቱ በመዝገብ የሚቀነሰው 30,000 ብርም እንዲሁ።

ምድጃውና ማሽኑ ግን ይሸጣሉ። እዚህ ላይ መዝገቡና ገበያው ይለያያሉ። መዝገቡ 700,000ውን ለአምስት ዓመት እኩል አካፍሎ በየዓመቱ 140,000 ይቀንሳል፤ በዓመቱ መጨረሻ የዕቃው የመዝገብ ዋጋ 560,000 ነው። በጥያቄው መሠረት ግን ገበያ ላይ ዛሬ 600,000 ያወጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 540,000 ያወጣል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና የብር የምንዛሪ ዋጋ በእጅጉ ከወረደ በኋላ ከውጭ የሚገባ ማሽን በብር ሲተመን ተወድዷል፤ አዲሱ ሲወደድ አሮጌውም ዋጋውን ይዞ ይቆያል። መዝገቡ የተገዛበትን ዋጋ ይዞ ስለሚሄድ ይህን አያይም። ለውሳኔው የሚጠቅመን ዕቃው ዓመቱን ሙሉ እሷ ዘንድ በመቆየቱ የሚያጣው ዋጋ ነው፤ እሱም 60,000 ብር ነው።

የሚቀጥለው ዓመት ሽያጭና የዕለት ወጪ እንደ አምናው ይሆናል ብለን እናስላ። ከመዝገቡ ትርፍ 620,000 ላይ የእርጅና ተቀናሹን 170,000 መልሰን ብንጨምር 790,000 ይሆናል። የዕቃውን እውነተኛ የዋጋ መውረድ 60,000 ስንቀንስ 730,000 ይቀራል። ደመወዟ 300,000 እና ኪራዩ 360,000 እንዳሉ ናቸው፤ ብትዘጋ ወደ ሥራዋ እንደምትመለስና ቤቱም እንደሚከራይ ወስደናልና። ወለዱ ግን አሁን የሚሰላው በ1,200,000 ላይ ሳይሆን ዛሬ ልታስመልሰው በምትችለው ላይ ነው፦ 600,000 ከዕቃው፣ 200,000 ከመንቀሳቀሻው፣ በድምሩ 800,000። ሰባት በመቶው 56,000 ነው። ከ730,000 ላይ 716,000 ሲቀነስ 14,000 ብር ይተርፋል።

እንግዲህ መክፈቷ ያላዋጣት ዳቦ ቤት፣ ከከፈተችው በኋላ ግን መቀጠሉ በጥቂቱ ያዋጣታል። ተቃርኖ የለውም፤ ውሳኔዎቹ የተወሰኑበት ቀንና በቀኑ እጇ ላይ የነበረው አማራጭ የተለያየ ነው።

ሌላው ነገር ደግሞ 14,000 ብር በዓመት ሲታይ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። አንዳንዶቻችሁ «ኢኮኖሚያዊ ትርፉ ዜሮ ከሆነ ለምን ትደክማለች?» ብላችሁ ጽፋችኋል። ዜሮ ማለት ደመወዟን፣ ኪራይዋንና የቁጠባዋን ወለድ ሁሉ ዳቦ ቤቱ ሸፈነላት ማለት ነው፤ ይህን መደበኛ ትርፍ እንለዋለን። ፉክክር ባለበት ሰፈር፣ ማንም ምድጃ ገዝቶ መግባት በሚችልበት ሥራ፣ ብዙዎቹ ባለ ዳቦ ቤቶች ከጊዜ ብዛት ወደዚህ ይጠጋሉ። ከዚያ በላይ ሲገኝ ሌላው ይከፍታል፤ ከዚያ በታች ሲሆን ደካማው ይዘጋል።

መልሱ የተንጠለጠለበት ቁጥር

ስውር ወጪ ግምት መሆኑን አትርሱ፤ የመዝገቡ ጥንካሬ ማስረጃው ከሆነ የዚህኛው ድክመት የማስረጃ እጦቱ ነው። ስለዚህ አንድ መልስ ላይ ስትደርሱ የትኛው ግምት ቢለወጥ መልሱ እንደሚገለበጥ ፈትሹ። እዚህ ጥያቄ ውስጥ የቁጠባ ወለዱ ከ7 ወደ 8 በመቶ ቢል የሚለወጠው 8,000 ብር ነው፤ መልሱን አይገለብጠውም። ኪራዩ ግን ይገለብጠዋል። ደመወዟንና ወለዱን ከ730,000 ላይ ብታነሱ 374,000 ይቀራል፤ ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል 31,167 ብር ገደማ ነው። ቤቱ በእርግጥ ከዚህ በላይ ከተከራየ መዝጋቱ ይሻላታል፤ ከዚህ በታች ከሆነ መቀጠሉ። 33,000 የሚከፍል ተከራይ ካለ መልሱ «ትዝጋ» ይሆናል፤ 30,000 የሚከፍለው ደግሞ አንድ ወር ዘግይቶ ከገባ የመቀጠሉ ብልጫ ከ14,000 ወደ 44,000 ብር ያድጋል። ስለዚህ ሴትዮዋ ከመወሰኗ በፊት ማድረግ ያለባት የዳቦ ሽያጯን ደግማ መቁጠር ሳይሆን ወጣ ብላ ደላሎችን ጠይቃ የሰፈሩን ኪራይ ማረጋገጥ ነው። ከመዝገቡ ብቻ ብትነሱ ወደዚህ ምክር አትደርሱም ነበር።

እርማቱን በሚቀጥለው ሳምንት ታስረክባላችሁ፤ ከጎደላችሁ ነጥብ ግማሹን እመልሳለሁ። ከእርማቱ ጋር ይህን ጨምራችሁ ሥሩ። አንድ ጋጋሪ መጥቶ «ቤቱን ከነምድጃውና ከነማሽኑ በወር 38,000 ብር አከራዪኝ» ብሏታል። ዕቃው በዓመቱ መጨረሻ ሲመለስላት ያው 540,000 ብር ያወጣል። ከሦስቱ፣ ማለትም ከመቀጠል፣ ዕቃውን ሸጦ ባዶ ቤት ከማከራየትና ከነዕቃው ከማከራየት የቱ ይሻላታል? ከመጀመራችሁ በፊት ምድጃውን ሸጣችሁ እያከራያችሁት እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

መምህራችሁ